ብረቱ ከእጅ ሲያመልጥ፦ ስለ ስፕሪንጉ፣ ስለ ጄሪካኑና ስለ ስትራፑ የቀረበ ምላሽ

«ዴድሊፍት ላይ ብረቱ ከእጅህ ካመለጠ፣ ፑልአፕ ላይም ጀርባህ ሳይደክም ጣትህ ከተፈታ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እጅህ ደካማ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አንደኛ፣ መጭመቂያ ስፕሪንግ ግዛና በቀን መቶ ጊዜ ጨምቅ። ሁለተኛ፣ በየማለዳው እጅህ እስኪፈታ ተንጠልጠል። ሦስተኛ፣ እርፍ ጨብጦ ላደገ የጎጃም ልጅ ጄሪካን ብርቁ አይደለም፤ ሁለት ጄሪካን ውኃ ይዘህ አንድ ኪሎ ሜትር ሂድ። አራተኛ፣ ስትራፕ የሚባለውን፣ እጅን ከብረቱ ጋር የሚያስረውን የሰነፍ ማሰሪያ አትንካ፤ እጅህን ይገድለዋል።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ምላሽ በምንሰጥበት በዚህ ጽሑፍ ከአራቱ ምክሮች በፊት የምታከራክረን የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ብረት ከእጅ የሚወጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንድ ጓደኛችሁ በስልክ እጃችሁን ብቻ አቅርቦ ይቅረጽና የመጨረሻውን ከባድ ዙር አብራችሁ ተመልከቱት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ቀድመው እየተከፈቱ ብረቱ ወደ ጣት ጫፍ ተንከባሎ ከወረደ ችግሩ በእርግጥ የጣት ጉልበት ነው። ጣቶቹ እንደተጨበጡ ሆነው ብረቱ እንደ እርጥብ ሳሙና ከተንሸራተተ ግን ጉዳዩ ላብና የብረቱ ልስላሴ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የተሰማችሁ የቆዳ መቆንጠጥ ከሆነ ደግሞ ብረቱን መዳፍ መሃል ላይ አስቀምጣችሁታል ማለት ነው። ክብደቱ ሲጎትተው ወደ ጣቶቹ ሥር መውረዱ አይቀርም፤ ሲወርድም ቆዳውን አጥፎ ይዞት ይወርዳል። ከመጀመሪያው ጣቶቹ ከመዳፍ ጋር የሚገናኙበት መስመር ላይ ካስቀመጣችሁት የሚወርድበት ቦታ አይኖረውም። ለፑልአፕም አቀማመጡ ያው ነው፤ አውራ ጣት ግን በሁለቱም ላይ ብረቱን ዞሮ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ማምለጥ፣ የመንሸራተቱ ማለታችን ነው፣ ጽሑፉ ሊያነሳው የሚገባው ሆኖ ሳለ ጨርሶ አልነካውም። በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በየግቢው ብረት የሚሠሩ ልጆች ባር የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ የውኃ ቧንቧ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ በሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ይተከልበታል። ቧንቧ «አንድ ኢንች» ሲባል ስሙ ከውጭ ውፍረቱ ጋር አይገጥምም። የአንድ ኢንች ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 33 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ለክብደት ማንሻ የተሠራው የወንዶች ባር 28 ወይም 29 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መያዣው ላይ የተፈለፈለ ሸካራ ጥርስ አለው። የአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በእጅ ላይ ግን አውራ ጣት በጠቋሚና በመሃል ጣት ላይ ተደርቦ እንዲቆልፍ ወይም እንዳይደርስ የሚያደርገው ይኸው ነው። በዚህ ላይ ጣሳው ከቧንቧው ጋር ተያይዞ ስለሚደርቅ ክብደቱ ሲወዛወዝ ቧንቧውን ይዞት ይዞራል፤ ቧንቧው ደግሞ ጣት ይከፍታል። በፋብሪካ ባር ላይ ክብደቱ የሚገባበት ጫፍ ለብቻው ስለሚዞር መያዣው ከእጅ ውስጥ አይሽከረከርም። እንግዲህ በቧንቧ 100 ኪሎ ላይ የሚያመልጠው ሰው በትክክለኛ ባር ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ እጁ ደካማ ነው ብሎ ለመፍረድ ገና ነው።

ለዚህ ሰው የሚቀድመው ቧንቧውን ማስተካከል ነው። ቀለም የተቀባ ከሆነ እጅ የሚያርፍበትን ቦታ በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀለሙን ማንሳት፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እጅንም ቧንቧንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ጨርቅ ወይም የብስክሌት ከመነዳሪ መጠምጠም ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ ነገር ግን ውፍረቱን ስለሚጨምር ችግሩን ያባብሰዋል። ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ መውረድም አያዋጣም። ውፍረቱ 27 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለእጅ ይመቻል፤ ከባድ ዴድሊፍት ሲጫንበት ግን ይጎብጣል። ለፑልአፕ አጭር መስቀያ ግን ጥሩ ነው። የስፖርተኞች ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ ከተገኘ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ቦታ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የትምህርት ቤት ጠመኔ ሌላ ነገር ነው፤ ላብ ትንሽ ያደርቃል፤ ሲበዛ ግን ራሱ ማንሸራተቻ ይሆናል።

አሁን ጣቱ በእርግጥ ወደሚከፈተው ሰው እንምጣ። ስፕሪንግ መጭመቅ የተከፈተን እጅ መዝጋት ነው። ዴድሊፍት ላይ እጁ አንዴ ተዘግቷል፤ ሥራው እንዳይከፈት መከልከል ነው፤ ያውም ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ ቦታ ላይ። ጡንቻ ደግሞ ባልተንቀሳቀሰበት ሥራ የሚያገኘው ጉልበት በአብዛኛው መገጣጠሚያው በሥራው ጊዜ በታጠፈበት ልክ አካባቢ ይቀራል። መቶ ጊዜ የሚጨመቅ ስፕሪንግ ቀላል ስፕሪንግ መሆኑንም አንርሳ። አውራ ጣቱም አይቆልፍም፤ አንጓውም ክብደት አይቀምስም። የአንጓውን ነገር አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። የእጃችሁን አንጓ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ለመጨበጥ ሞክሩ፤ ጡጫው ልፍስፍስ ይላል። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፤ አንጓ ሲታጠፍ ያጥራሉ፣ የመጎተት አቅማቸውም ይወድቃል። ከባድ ብረት ሲይዙ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም የክንድ ጀርባ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህንን ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚጨመቅ ስፕሪንግ አታገኙትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

በስፕሪንጉ ፈንታ የምንመክረው ያንኑ ባር ይዞ መቆም ነው። ዴድሊፍቱ ካለቀ በኋላ የባሩን ክብደት ግራና ቀኝ በጠንካራ የእንጨት ጉማጅ ላይ አሳርፉት፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ሲወድቅበት ይፈረካከሳል። ሁለቱንም መዳፍ ወደ ሰውነታችሁ አዙራችሁ ያዙት፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ትከሻችሁን ሳታነሱ አንጓችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቆዩ። ሴኮንዱን ሌላ ሰው ይቁጠርላችሁ። የምታቆሙት ባሩ ሲወድቅ አይደለም፤ ትንሿ ጣት መንሸራተት ስትጀምር ነው። ሦስት ዙር፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ እረፍት። ክብደቱ ለ12 ሴኮንድ ያህል የምትይዙት ይሁን። ሦስቱንም ዙር 20 ሴኮንድ ስትሞሉ 5 ኪሎ ጨምሩ፤ ሴኮንዱ ወደ 12 ይመለሳል፤ እንደገና ወደ 20 ትሄዳላችሁ። 20 ሴኮንድ ያልንበት ምክንያት አለው። አምስት ድግግሞሽ ዴድሊፍት በልኩ ሲሠራ ብረቱ እጅ ላይ የሚቆየው ወደ 20 ሴኮንድ ነው፤ ያውም በየመሃሉ መሬት ሲነካ እጅ ትንሽ ያርፋል። አንድን ክብደት ያለ ማረፍ 20 ሴኮንድ የያዘ እጅ በዚያ ክብደት አምስት ድግግሞሽ ላይ አይከዳም።

የየማለዳው መንጠልጠል ላይ የምንነቅፈው መንጠልጠሉን አይደለም፤ «በየማለዳው» እና «እስኪፈታ» የሚሉትን ቃላት ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። በየቀኑ እስከ መጨረሻው የተንጠለጠለ ሰው ጥቂት ሳምንታት ደስ ብሎት ይሠራል፤ ከዚያ ክርኑን ከውስጥ በኩል፣ አጥንቱ ጎላ ባለበት ቦታ ላይ ያመው ይጀምራል። ምልክቱ ጂም ውስጥ አይደለም የሚታየው፤ ጀበና ሲያነሱ ወይም የጠርሙስ ክዳን ሲከፍቱ ይሰማል፤ ጠዋት ሲነሱም ጣት ይደርቃል። ይህ ከመጣ «ሲሠሩት ይለቃል» ብሎ መቀጠል የሁለት ሳምንቱን ሕመም የወራት ያደርገዋል። መንጠልጠሉን ማቆም፣ የመያዣውን ሥራ በግማሽ መቀነስ፣ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ አምስቱ ጣቶች ላይ አጥልቆ ጣቶችን 20 ጊዜ መዘርጋት ይሻላል።

ለመሆኑ ፑልአፕ ላይ ጣት የሚፈታው ለምንድን ነው? 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠል እያንዳንዱ እጁ የሚይዘው 35 ኪሎ ነው። ያው ሰው 110 ኪሎ ዴድሊፍት ሲሠራ አንዱ እጅ 55 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ ለዴድሊፍት የሚበቃ እጅ ፑልአፕ ላይ በጉልበት ማነስ ሊፈታ አይገባም። የሚፈታው ከጊዜ ብዛት ነው፤ አሥር ፑልአፕ ቀስ ተብሎ ሲሠራ 40 ሴኮንድ ሊሞላ ይችላል። ወይም ደግሞ ፑልአፑ ከዴድሊፍት ቀጥሎ፣ በደከመ እጅ ላይ ስለመጣ ነው። ሁለተኛው ቅደም ተከተሉን በመቀየር ብቻ ያልቃል። ለመጀመሪያው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከፑልአፑ በኋላ፣ ሦስት ጊዜ 30 ሴኮንድ መንጠልጠል ይበቃል፤ ትከሻው ከጆሮ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሁለት ሴኮንድ የሚያስቀጥል ጉልበት እየተረፈ። 45 ሴኮንድ ሲደርስ ጊዜውን ማርዘም አቁሙና በጀርባ ቦርሳ 5 ሊትር ውኃ ጨምሩ፤ እሱ 5 ኪሎ ነው።

ጄሪካኑን እኛም እንወደዋለን፤ ሒሳቡ ግን አልተሠራም። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልቶ ከነዕቃው 21 ኪሎ አካባቢ ነው። 55 ኪሎ በአንድ እጅ መያዝ ለተሳነው ሰው 21 ኪሎ ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ የመንገድ ጽናት ይሰጠዋል እንጂ የሚያስፈልገውን አይሰጠውም። እርፍም እንዲሁ ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ይጨብጠዋል፤ ክብደቱን ግን መሬቱና በሬው ናቸው የተሸከሙት፤ እጁ አቅጣጫ ነው የሚይዘው። (የጎጃም ገበሬ እጅ ጠንካራ መሆኑን የሚክድ የለም፤ የተጨባበጠው ያውቀዋል። ጥንካሬው ግን ከመጥረቢያው፣ ከዶማውና ከጭነቱም ነው እንጂ ከእርፍ ብቻ አይደለም።)

ስለዚህ ውኃውን አፍሱትና አሸዋ ሙሉት። ያው ጄሪካን በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 30 ኪሎ ይደርሳል፤ አሸዋው ላይ ውኃ ሲጨመርበት 40 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አሸዋ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ በግምት አትሂዱ፤ እህል መሸጫ ሚዛን ላይ አስመዝኑትና በቀለም ጻፉበት። ሁለቱ ጄሪካኖች በክብደት ካልተካከሉ ወገብ ወደ አንድ ጎን ይሳባል። የፕላስቲኩ እጀታ ለውኃ እንጂ ለአሸዋ የተሠራ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ወይም ፀሐይ ያነጣው ከሆነ ተዉት። 25 ሜትር ሂዱ፣ አስቀምጡ፣ ሁለት ደቂቃ እረፉ፤ ሦስት ጊዜ። እርምጃው አጭርና ፈጣን ይሁን፤ ረጅም እርምጃ ጄሪካኑን ያወዛውዘዋል፣ የሚወዛወዝ ነገር ደግሞ ጣት ይፈታል። እጀታው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጫፍ ተይዞ ጄሪካኑ አፍንጫውን ከደፋ የያዛችሁበትን ቦታ አስተካክሉ። ባር ይዞ መቆም የማይሰጠውና መራመዱ የሚጨምረው ይህ ነው፤ እጅ በሚንቀሳቀስ ክብደት ላይ በየእርምጃው እንደገና መቆለፍ ይማራል። 25 ሜትሩ ሲቀል ርቀቱን ከማርዘም ውኃ መጨመር ይሻላል።

ስትራፕ ላይ የተባለው ግማሽ እውነት አለው። ከመጀመሪያው የማሟሟቂያ ዙር ጀምሮ የሚያስር ሰው እጁ ምንም ሥራ አያገኝም፤ እጅም ያልሠራውን አይለምድም። ነገር ግን ጨርሶ አለመንካትስ ምን ያደርጋል? ጀርባውና ጭኑ 130 ኪሎ የሚያነሱ ሰው እጁ 110 ላይ ስለሚፈታ ብቻ ወራት በሙሉ 110 ላይ ይቀመጣል። ትልቁ ጡንቻ ትንሹን ቆሞ ይጠብቃል። ስትራፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እጅ ድርሻውን ከሠራ በኋላ ጀርባ የራሱን እንዲጨርስ። ድንበሩ እንዲህ ይሁን፦ ማሟሟቂያውና እጅ የሚችለው የመጨረሻ ዙር በባዶ እጅ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ዙሮች በስትራፕ፣ ከዚያ ስትራፑ ተፈቶ ይዞ መቆም። አንዱን መዳፍ ወደ ውጭ ማዞርም አንድ መፍትሔ ነው፤ ባሩ እንዳይሽከረከር ያደርጋል። ወደ ውጭ በዞረው እጅ ክርን አጥፎ መጎተት ግን የክንድ ጅማት ሊበጥስ ስለሚችል ክርኑ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይቆይ፤ የሚዞረውንም እጅ ቀያይሩ። የፓወርሊፍቲንግ ውድድር የሚያስብ ሰው ስትራፕ መድረክ ላይ እንደማይፈቀድ ይወቅ፤ ዱቄቱ ይፈቀዳል።

ስትራፕ መግዣ ካጣችሁ ልብስ ሰፊ ይሠራላችኋል። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው በጠንካራው የተሸመነ የጥጥ ማሰሪያ ይሁን፤ አንዱ ጫፍ ታጥፎ ሌላው ጫፍ የሚያልፍበት ቀለበት ይሠራለት፤ ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከሉ በመስቀል ይሰፋ። ከመኪና ቀበቶ አታሠሩ፤ ጥንካሬው አያጣላም፣ ልስልስ ስለሆነ ግን ብረት ላይ ይንሸራተታል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አቅጣጫውን ነው። ጫፉን በቀለበቱ አሳልፉ፣ እጃችሁን አስገቡ፣ የሚተርፈው ጅራት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ወደ ፊት ይውጣ። ጅራቱ በብረቱ ሥር አልፎ፣ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ፣ በላይ ወደ እናንተ ይመለስ፤ ከጣቶቹ በተቃራኒ ማለት ነው። አንድ ዙር ተኩል ይበቃል። ከዚያ እጁን በላዩ ላይ ጨብጣችሁ ብረቱን ወደ ራሳችሁ ስታሽከረክሩት ይጠብቃል። ቀለበቱ አንጓ አጥንት ላይ ካረፈ ቆዳ ይልጣል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ መዳፍ ሥር ይሁን። ከፍ ባለ የፑልአፕ መስቀያ ላይ ግን ስትራፕ አናስርም፤ እግር ቢከዳ ወይም ትከሻ ቢያም እጅ ቶሎ አይፈታም።

እንግዲህ ነገሩን በአንድ ሰው ላይ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ በአንድ ኢንች ቧንቧ የሚሠራ ልጅ እንበል። በባዶ እጅ 100 ኪሎ አምስት ጊዜ ያነሳል፤ 110 ላይ በአራተኛው ድግግሞሽ ጣቱ ይከፈታል። በስትራፕ 130 አምስት ጊዜ ያነሳል። ፑልአፕ ዘጠነኛው ላይ ጣቱ ይለቃል። ስልኩ ሲታይ ትንሿ ጣት ናት የምትከፈተው፤ ቧንቧውም ተፈግፍጓል። ሰኞ ዴድሊፍት፦ 60፣ 80 እና 100 ኪሎ በባዶ እጅ፣ 110 ሦስት ጊዜ በባዶ እጅ፣ ከዚያ በስትራፕ 130 አምስት ጊዜ አንድ ዙርና 120 አምስት ጊዜ ሁለት ዙር። ስትራፑን ፈትቶ 110 ይዞ ይቆማል። የመጀመሪያው ሳምንት 14፣ 12 እና 10 ሴኮንድ ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ ግን እረፍቱ አጥሯል ወይም ክብደቱ በዝቷል። ሐሙስ በመጀመሪያ ፑልአፕ፣ ቀጥሎ 30 ሴኮንድ መንጠልጠል ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻ የአሸዋ ጄሪካን 25 ሜትር ሦስት ጊዜ። በሰኞና በሐሙስ መካከል የእጅ ሥራ የለም። በአምስተኛው ሳምንት ይዞ መቆሙም መራመዱም ወደ አንድ አንድ ዙር ይቀንሳል፤ ክርን የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው።

በደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በባዶ እጅ አምስት ጊዜ የተነሳው ትልቁ ክብደትና በስትራፕ የተነሳው። ሲጀምር 100 እና 130 ነበር፤ ልዩነቱ 30። በዘጠነኛው ሳምንት ሁለቱም አድገው ልዩነቱ ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ከጠበበ ሥራው በመንገዱ ላይ ነው። ስትራፑ ብቻ አድጎ ልዩነቱ ከሰፋ በስትራፕ የሚሠራውን ዙር ወደ አንድ ያውርድና ያተረፈውን ጉልበት ይዞ ለመቆሙ ይስጠው። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ስልኩን እንደገና ያውጣና ይቅረጽ፤ በዚህ ጊዜ ጣቶቹ ተጨብጠው ብረቱ ብቻውን ሲወርድ ካየ ቧንቧው እንደገና ለስልሷል፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ያንሳ።